ከውጭ የመጣ ዕቃ ስሸጥ ስለ መብራቱ ምን ብዬ ልጻፍ? አንዱ ገዢ ቤት ጧ ብሏል

ሚጢጢ ሱቅ

ሰላም ቤቶች። ትንሽ የቴሌግራም ሱቅ አለችኝ። ዕቃ የማገኘው በሁለት መንገድ ነው። ግማሹን ዱባይ የምትመላለስ ጓደኛዬ ታመጣልኛለች። ግማሹን አሜሪካ ያለች አክስቴ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ትልክልኛለች።

ባለፈው ሳምንት ከአሜሪካ የመጣ ኤር ፍራየር ሸጥኩ። ማስታወቂያው እንዲህ ይላል፦ «ኤር ፍራየር፣ 5.5 ሊትር፣ ኦሪጅናል የአሜሪካ፣ ያልተከፈተ፣ አዳፕተር በነጻ»። የገዛችው ልጅ አዳማ ላለች እናቷ ላከችው። እናትየዋ ገና እንደሰኩት ጧ አለ። የተቃጠለ ነገር ሸተተ፣ በቃ ዝም አለ። አንድ ድንች እንኳ አልጠበሱበትም።

ልጅቷ ገንዘቤን መልሺ ትላለች። እኔ ደግሞ ዕቃው አዲስ ነው፣ ካርቶኑን የከፈቱት እነሱ ናቸው፣ አዳማ መብራቱ ስለሚዋዥቅ ነው እያልኩ ነው። ማን እንዳጠፋ ንገሩኝ። ዋናው ጥያቄዬ ግን ሌላ ነው። ከእንግዲህ ማስታወቂያ ላይ ምን ምን ብጽፍ ነው እንዲህ ያለ ጣጣ የማይመጣብኝ?

ቶሎ ባይ

የቻይና ዕቃ ነዋ። ኦሪጅናል የሚባል ነገር ድሮ ቀረ።

ሽቦ ጎታች

አይ፣ ከየትም ይምጣ፣ ምክንያቱ እሱ አይደለም። እህቴ፣ ዕቃው ይገልበጥና ሥሩ ወይም ጀርባው ላይ የተለጠፈችው ትንሽ ወረቀት ፎቶ ትነሳ። ብር የመሰለች ወይም ነጭ ናት። ብዙ ሰው አይቷት አያውቅም። የምትፈልጊው መልስ እዚያ ላይ ነው።

ሚጢጢ ሱቅ

ልጅቷን ለምኜ አስነሳሁ። ሌላ ሌላም አለው፣ ቁጥር ያለበት መስመር ግን ይኸው፦

```
120V~ 60Hz 1700W
```

ሽቦ ጎታች

ይኸው አለቀ። የአዳማ መብራት ምንም አላጠፋም። እንዲያውም ያን ቀን ደህና መብራት ነበረ ማለት ነው።

የኛ አገር ግድግዳ የሚሰጠው 220 ቮልት ነው። ያ ዕቃ የተሠራው ለ120 ነው። ሰው ሲሰማ «እጥፍ አልሞላም፣ ትንሽ ቢበዛበት ነው» ይላል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ቮልቱ ሲጨምር በሽቦው የሚያልፈውም አብሮ ይጨምራል። ስለዚህ ሙቀቱ በሁለቱም በኩል ነው የሚባዛው። 220 ለ120 ሲካፈል 1.83 ገደማ ነው። ያንን በራሱ አባዢው፣ 3.36 ይመጣል። 1700 ዋት የተባለው ማሞቂያ 5700 ዋት ሊጎትት ይፈልጋል ማለት ነው። ከአንድ የእንጀራ ምጣድ ተኩል በላይ፣ ያቺን በምታህል ዕቃ ውስጥ! በአምፔር 26 ይሆናል። ተራው የግድግዳ ሶኬት የሚችለው 16 ነው።

ያንቺ ግን እስከዚያም አልደረሰም። ገና ሲሰካ ጧ ካለ፣ ማብሪያውን ሳይነኩ፣ የፈነዳው ማሞቂያው አይደለም። ባለ ዲጂታል ዕቃ ሲሰካ ውስጡ ያለው ካርድ ወዲያው መብራት ያገኛል። ካርዱ መግቢያ ላይ ሳንቲም የምታህል ክብ ነገር አለች፣ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ። ሥራዋ መብራት ሲበዛ ራሷን መሥዋዕት ማድረግ ነው። እሷ ስትፈነዳ ነው ጧ የሚለው። አጠገቧ ያለችው ፊውዝም አብራ ትሄዳለች። ክዳኑን ቢከፍቱት ለሁለት የተሰነጠቀች ክብ ነገርና ዙሪያዋ ጥላሸት ያያሉ።

ሚጢጢ ሱቅ

ኧረ ጋሼ፣ አዳፕተር ሰጥቻቸው ነበር እኮ! ባዶ እጃቸውን አልላክኋቸውም። አዳፕተሩን አድርገው ነው የሰኩት።

ሽቦ ጎታች

ጣጣው እሱ ላይ ነው። ያ አዳፕተር የምትይው የሚቀይረው የቀዳዳውን ቅርጽ ብቻ ነው። ውስጡ ሁለት የነሐስ ቅጠል አለ፣ ሌላ ምንም የለም። 220 ይገባል፣ 220 ይወጣል።

እኛ አገር ሦስት የተለያዩ ነገሮችን «አዳፕተር» እንላቸዋለን። የስልክ ቻርጀሩም አዳፕተር ነው። ቅርጽ መቀየሪያውም አዳፕተር ነው። ቮልት የሚቀንሰው ከባዱ የብረት ሳጥንም አንዳንዱ ጋ አዳፕተር ነው። ስለዚህ አዳማ ያሉት እናት «አዳፕተር በነጻ» ሲባሉ ምን ይረዱ? «መብራቱን ያስተካክልልኛል» ነው የሚረዱት። እኔም በሳቸው ቦታ ብሆን እንደዚያ ነበር የምረዳው።

እንዲያውም ልክፋብሽ። አዳፕተር ባትሰጪያቸው ኖሮ ዕቃው ዛሬ ደህና ነበር። ቀጫጭኖቹ ሁለት ጠፍጣፋ ጥርሶች ግድግዳቸው ላይ እንደ ልብ አይገቡም ነበር። ያኔ «ይሄ ነገር ምንድነው?» ብለው ሰው ይጠይቃሉ። አንቺ ያን ጥያቄ ነው በነጻ ያስቀረሽባቸው።

ሚጢጢ ሱቅ

😔 እሺ ገባኝ።

ተከራካሪ ነኝ

ቆይ ቆይ፣ ገዢዋስ? «ኦሪጅናል የአሜሪካ» ተብሎ ተጽፏል። አሜሪካ 120 እንደሆነ ሕፃን ያውቃል። ማንበብ የገዢ ሥራ ነው።

የቀበሌው ጸሐፊ

ሕፃኑ ያውቅ ይሆናል፣ አዋጁ ግን ሸማቹን እንደሚያውቅ አይቆጥረውም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። የሚሠራበት ቮልት ካልተነገረ ታዲያ «በቂ» የሚባለው ምንድነው? ሊትሩ?

ተከራካሪ ነኝ

አዋጁ የተጻፈው ለሱቅና ለአስመጪ ነው። በሻንጣ ሦስት ዕቃ ለምታመጣ ልጅ ነው እንዴ?

የቀበሌው ጸሐፊ

ገንዘቡን እስከተቀበለች ድረስ እኔ ልዩነቱ አይታየኝም። አንተ ይታይህ።

ጅዳ ተመላሽ

እኔ አንድ ነገር ልበል። ቀላሉ መፍትሔ «220 ነው» ወይም «110 ነው» ብሎ መጻፍ ነው። 220 ከሆነ ይሰካል፣ ካልሆነ አይገዛም። ሌላው ሁሉ ማወሳሰብ ነው። እኔ ከሳዑዲ ስመለስ ፍሪጅ፣ ልብስ ማጠቢያና ቬንትሌተር አምጥቻለሁ። ሁሉም 220 ናቸው፣ ሁሉም ይሠራሉ። ፍሪጁ ትንሽ ድምፅ ያበዛል እንጂ።

ሽቦ ጎታች

ወንድሜ፣ ግማሹ ልክ ነው። የፍሪጅህ ወረቀት ላይ ከ220 ቀጥሎ ያለው ቁጥር ስንት ነው?

ጅዳ ተመላሽ

60 ይላል። የምን እንደሆነ ግን አላውቅም። ዓመተ ምሕረት መስሎኝ ነበር 😂

ሽቦ ጎታች

እሱ ኸርዝ ነው። የሳዑዲ መብራት 60 ነው፣ የኛ 50 ነው። ዱባይ ከኛ ጋር አንድ ነው፣ 50። ስለዚህ ከባሕረ ሰላጤው አገር መጣ ማለት ብቻውን አይበቃም፣ ከየትኛው ነው መባል አለበት።

ማሞቂያ ብቻ የሆነ ዕቃ ኸርዝ አያስጨንቀውም። ምጣድ፣ ውሃ ማፍያ፣ ካውያ፣ ሽቦ ሞቀ አልሞቀ ነው ነገሩ። ሞተር ያለው ነው የሚያየው። የድሮ ዓይነት የፍሪጅ ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ከመብራቱ ነው። 60 የለመደው 50 ላይ ሲገባ አንድ ስድስተኛ ያህል ይዘገያል። ዘግየት ሲል ቅዝቃዜው ይቀንሳል። ያ ሲሆን ደግሞ ሳያርፍ ይሠራል። በዚያ ላይ ሞተሩ ያለ ልኩ ይሞቃል። የምትሰማው ጉርምርምታ ከዚያ ሊሆን ይችላል። ጀርባው ታች ያለውን ጥቁር ጣሳ እጅህን አስጠግተህ ሙቀቱን ገምት። ሌሊት አንቀላፍቶ ዝም የሚልበት ሰዓት አለው ወይስ የለውም?

ወረቀቱ ላይ 50/60 ቢል ኖሮ ምንም ችግር የለም። ኢንቨርተር የሚባለው አዲሱ ዓይነትም ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ግድ የለውም፣ የራሱን ፍጥነት ራሱ ነው የሚሠራው።

ጅዳ ተመላሽ

አራት ዓመቱ እኮ ነው እየሠራ። ሊፈነዳ ቢሆን እስካሁን ይፈነዳ ነበር።

ሽቦ ጎታች

አይፈነዳም። ያረጃል። አራት ዓመት የሄደ አይቻለሁ፣ በስድስት ወር ሞተሩ የተቃጠለም አይቻለሁ። የትኛው ያንተ እንደሆነ ከዚህ ሆኜ ልነግርህ አልችልም።

ጅዳ ተመላሽ

እሺ፣ ሌሊቱን አዳምጬ እነግርሃለሁ።

የሜሪላንድ እናት

ይቅርታ፣ ጥያቄው በደንብ ገብቶኝ ይሁን አይሁን አላውቅም። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ባለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ ምጣድ አምጥቼ ነበር፣ ሸክሙ ወገቤን ሊቆርጠው። እዚህ የስፒናውን ጥርስ አስቀየርኩና ሰካሁት። አልተቃጠለም፣ ጧም አላለም። ግን እንጀራው ዓይን አያወጣም። ሊጡ እንደፈሰሰ ይቀራል፣ ግማሽ ሰዓት ብጠብቀውም ደርቆ ነው የሚነሳው። ምጣዱ ተሰብሮ ይሆን? ወይስ አሰሳው ነው? በጎመን ዘር በደንብ አሰስኩት።

ሽቦ ጎታች

እትዬ፣ ጥያቄው የሌላ ነው፣ ነገሩ ግን አንድ ነው። የእርስዎ በተቃራኒው ነው የሆነው። ያኛው መብራት በዝቶበት ሞተ፣ የእርስዎ ተርቦ ነው።

የአገር ቤት ምጣድ በ220 ቮልት 3500 ዋት ገደማ ይወስዳል። 120 ላይ ሲሰኩት አንድ ሦስተኛም አይደርስም። ሂሳቡ ወደ 1040 ዋት ነው የሚያወጣው። በዚያ ሙቀት ሊጡ ቀስ እያለ ይደርቃል እንጂ ዓይን አያወጣም። ዓይን የሚወጣው ምጣዱ በኃይል ግሎ ሊጡ ሲያርፍበት ነው፣ ይህን ለእርስዎ መንገር ድፍረት ይሆንብኛል። አሰሳውም ምጣዱም ደህና ነው።

አሜሪካ ተራ ሶኬት 15 አምፔር ነው። 120 ሲባዛ በ15፣ 1800 ዋት። ከዚያ በላይ ምንም ዕቃ አይወስድም። 3500 ዋት በዚያ ግድግዳ በኩል በፍጹም አይመጣም። ነገር ግን ልብስ ማድረቂያ ማሽን የሚሰካበት ባለ 240 ቮልት መስመር ብዙ ቤት ውስጥ አለ። ፈቃድ ያለው ባለሙያ ለምጣዱ ለብቻው መስመርና ሶኬት ሊሠራልዎት ይችላል። 60 ኸርዝ መሆኑ ምጣድን አይነካውም። 240 ከ220 ትንሽ ስለሚበልጥ ከለመዱት ይፈጥናል፣ የመጀመሪያዎቹ እንጀራዎች ሊያሩ ይችላሉ።

የሜሪላንድ እናት

እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። ዓመት ሙሉ ጤፉን ነበር የምራገመው።

ኮንዶሚኒየም 5ኛ ፎቅ

ኧረ ዋትን ጻፊልን እህቴ! ሁሉም ሰው ቮልት ቮልት ይላል። እኔ ከዱባይ የመጣ የውሃ ማፍያ ገዛሁ። ቮልቱ ልክ ነው፣ 220–240። ግን ምጣድ ተጥዶ እሱን ስሰካው ቤቱ ድርግም ይላል። ፎቁን ወርጄ ብሬከር ማንሳት ሰልችቶኛል። ኋላ ሳየው 3000 ዋት ነው። ባውቅ አልገዛውም ነበር፣ 1500 ያለው ለኔ ይበቃኛል። አሁን ደግሞ የሰካሁበት ቅርጽ መቀየሪያ አስማሚ ሊቀልጥ ነው፣ ቡናማ ሆኗል።

ሽቦ ጎታች

ዛሬውኑ ንቀለው። ቡናማ መሆን ማስጠንቀቂያ ነው፣ ቀጥሎ የሚመጣው እሳት ነው።

የዱባይ ስፒና ሦስት ወፍራም ጠፍጣፋ ጥርስ ነው። ያ ስፒና ራሱ 13 አምፔር ይችላል፣ ሆዱ ውስጥም ፊውዝ አለው። ማፍያህ ያን 13 ሙሉ ለሙሉ ሊጠቀምበት ነው የተሠራው። በጉሊት የምትሸጠዋ ነጭ አስማሚ ግን ብዙዋ 10 ወይም 6 አምፔር ነው የተጻፈባት። የተጻፈውም እውነት ከሆነ ነው። 13 አምፔር በሷ በኩል ሲያልፍ ቅጠሉ ይሞቃል፣ ላስቲኩ ይቀልጣል። ለስልክ ቻርጀር፣ ለቲቪ ትሆናለች። ለሚያፈላ፣ ለሚጠብስ፣ ለሚተኩስ ነገር ሁሉ አትሆንም።

ሌላ ደግሞ፣ ማፍያው ብረት ከሆነ፣ ስትነካው ይነዝርሃል?

ኮንዶሚኒየም 5ኛ ፎቅ

አዎ! ቀለል አርጎ ይነዝራል። ባዶ እግሬን ስሆን በተለይ። እርጥበት መስሎኝ ነበር።

ሽቦ ጎታች

የመሬት መስመሩ ተቆርጦ ነው። ሦስተኛው ጥርስ ሥራው እሱ ነበር። አስማሚዋ ሦስት ተቀብላ ሁለት ነው የምታወጣው። የሚነዝርህ መብራት መሄጃ አጥቶ በአንተ በኩል ሊወርድ ነው።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። የዱባዩን ስፒና ቆርጬ አወጣለሁ፣ ጎኑ ላይ የብረት ምላስ ያለውን ባለ ሁለት ክብ ጥርስ ደህና ስፒና እገጥማለሁ፣ 16 አምፔር የሚል። ቡናማውና ሰማያዊው ሽቦ ወደ ሁለቱ ጥርሶች። አረንጓዴና ቢጫ የተቀላቀለው ወደ ብረት ምላሱ። አንዳንድ ሠራተኛ «ይሄ ትርፍ ነው» ብሎ ይቆርጠዋል። ትርፍ አይደለም። እና ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬትም ምላስ የሚነካበት ብረት ሊኖረው፣ ከጀርባውም መሬት የገባ ሽቦ ሊኖረው ይገባል። ያለዚያ በር ቀይረህ ቁልፉን ሳትገጥም እንደመተው ነው። ይህን ለባለሙያ አሳይ፣ ራስህ አትሞክረው።

ቶሎ ባይ

ስታብላይዘር ቢገዙ አይሻልም? የኔ ስታብላይዘር ጀርባው ላይ 110 የሚል ሶኬት አለው። የአሜሪካ ዕቃ እዚያ ትሰኪዋለሽ፣ አለቀ። የኤር ፍራየሯም ሴትዮ ይህን ባደረጉ።

ሽቦ ጎታች

ይህኛው ሐሳብህ ጥሩ ነው። እውነት ነው፣ ብዙ ስታብላይዘር ያ ቀዳዳ አለው። ላዩ ላይ ስንት ይላል?

ቶሎ ባይ

1000።

ሽቦ ጎታች

ኤር ፍራየሩ 1700 ነው። ይኸው ዋት የሚያስፈልግበት ሌላው ምክንያት። የ110 ቀዳዳው ደግሞ ከዋናው ያነሰ ነው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው፣ ከጎኑ ተጽፎ ይገኛል። ለ1700 ዋት ዕቃ ቢያንስ 2500 የሚል መቀነሻ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፣ በሁለት እጅ የሚነሳ፣ ሁልጊዜ የሚጉረመርም። ወጥ ቤት ውስጥ ማን ያስቀምጠዋል? በገንዘቡ 220 የሆነውን ኤር ፍራየር እዚሁ ይገዙበታል።

ሚጢጢ ሱቅ

ጋሼ፣ ታዲያ ማስታወቂያው ላይ ቁጥሩን ሁሉ ብጽፍ ደንበኞቼ ይገባቸዋል? «የአሜሪካ ስፒና» ካልኩ አይበቃም?

ሽቦ ጎታች

እሱማ ጭራሽ አይሁን። ስፒና ስለ ቮልት ምንም አይነግርሽም። ሁለት ቀጭን ጠፍጣፋ ጥርስ አሜሪካም አለ፣ ቻይናም አለ። የቻይናው 220 ነው፣ በአስማሚ ቢሰካ ምንም አይሆንም። የአሜሪካው 120 ነው፣ ይጋያል። ጎን ለጎን ብታስቀምጫቸው አትለያቸውም። በተቃራኒው ደግሞ አሮጌ ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች የአሜሪካውን ጥርስ ቆርጠው ክብ ጥርስ ይገጥሙለታል፣ «እንዲመች» ብለው። ሲያዩት የኛ አገር ዕቃ ይመስላል፣ ሆዱ ግን 120 ነው። እኔ ጋ ለጥገና ከሚመጣው የተቃጠለ ዕቃ በጣም የማዝነው እንደዚህ ላለው ነው። ገዢው ምንም ጥፋት የለበትም፣ ስፒናው ዋሽቶታል።

ስለዚህ ቁጥሩን ከወረቀቱ እንዳለ ገልብጪ፣ የወረቀቱንም ፎቶ ከዕቃው ፎቶ ጋር ለጥፊ። ከካርቶኑ አይሁን፣ ከዕቃው ከራሱ። ከዚያ በታች በአማርኛ አንድ ዓረፍተ ነገር፦ እኛ አገር በቀጥታ ይሰካል ወይስ አይሰካም።

አንዲት ሸማች

እንደ ገዢ ከጠየቃችሁኝ ያቺን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የማነበው። ቁጥሩን ባለቤቴ ያንብበው። ግን «100–240» የሚል አየሁ ላፕቶፔ ላይ፣ እሱስ?

ሽቦ ጎታች

እሱ በሁለቱም አገር ይሠራል። ከ100 እስከ 240 የሰጡትን ይቀበላል፣ 50/60 ካለ ደግሞ ኸርዙም አያስጨንቅም። ለሱ ቅርጽ መቀየሪያዋ ብቻ ትበቃለች። ላፕቶፕ፣ የስልክ ቻርጀር፣ ካሜራ አብዛኛው እንደዚያ ነው። የሚያሞቅ ዕቃ ላይ ግን እንደዚያ የሚል ብዙ አታገኚም።

ሚጢጢ ሱቅ

እሺ፣ እርማት ስጡኝ። ነገ ለምለጥፈው ከዱባይ ለመጣ ብሌንደር የጻፍኩት ነው፦

«ብሌንደር፣ 1.5 ሊትር። ሥሩ ላይ የተጻፈው፦ 220–240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ፣ 600 ዋት (ፎቶ ቁጥር 3)። ስፒናው የዱባይ ነው፣ ሦስት ወፍራም ጠፍጣፋ ጥርስ። የኢትዮጵያ መብራት ላይ በቀጥታ ይሠራል፣ ስፒናው ብቻ መቀየር አለበት። ቅርጽ መቀየሪያ አብሮ ይሰጣል፣ ቮልት አይቀይርም።»

አንዲት ሸማች

ይሄን ካየሁ እገዛለሁ። ቀለሙ ግን አልተጻፈም።

ሽቦ ጎታች

ጥሩ ነው። 600 ዋት ሦስት አምፔር አይሞላም፣ መቀየሪያዋ ትችለዋለች። እንደ ውሃ ማፍያ ላለ ዕቃ ግን ያን የመጨረሻውን መስመር አትጻፊ፣ «ስፒናው ተቀይሮ ይሰጣል» በይና በባለሙያ አስቀይሪ።

ተከራካሪ ነኝ

ይህን ሁሉ ጽፈሽ 120 የሆነውን ማን ይገዛሻል? ራስሽን ከገበያ ማስወጣት ነው።

ሚጢጢ ሱቅ

አልሸጠውማ። አክስቴን ከእንግዲህ ወጥ ቤት ዕቃ አትላኪ ብያታለሁ፣ ልብስና ሽቶ ትላክ። ኤር ፍራየሩን በተመለከተ ግማሹን ልመልስ አልኩ፣ ልጅቷ ሙሉውን ትላለች። ገና አልተስማማንም።

የቀበሌው ጸሐፊ

ሙሉውን መልሺ።

ተከራካሪ ነኝ

ግማሽ ይበቃል።

ጅዳ ተመላሽ

ሌሊቱን አዳመጥኩት። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አንዴም አላረፈም። ጥቁሩ ጣሳ ላይ እጅ አይቆይም። ወረቀቱ ላይ ኢንቨርተር የሚል አላየሁም። ጋሼ፣ ፎቶውን በውስጥ መስመር ልኬልሃለሁ።

ሽቦ ጎታች

ደርሶኛል። ከመፍረድህ በፊት የበሩን ጎማ እይ፣ ወረቀት አስገብተህ ዝጋና ሳብ አድርገው። በቀላሉ ከወጣ የማያርፈው ከዚያም ሊሆን ይችላል። ቅዳሜ ካለህ መጥቼ አየዋለሁ።

ሚጢጢ ሱቅ

ቤቶች፣ አንድ የመጨረሻ። ዛሬ ያለኝን ዕቃ ሁሉ አልጋ ላይ ገልብጬ ወረቀቱን አነበብኩ። ሁለቱ 120 ናቸው፣ ከማስታወቂያ አወረድኳቸው። ከዚያ የሸጥኳቸውን ማሰብ ጀመርኩ። ከሦስት ሳምንት በፊት የአሜሪካ ቡና መፍጫ ሐዋሳ ለላክሁላት ሴት ደወልኩ፣ ልቤ እየመታ። «እትዬ፣ ሰክተውት ያውቃሉ?» አልኳቸው። «ኧረ የኔ እህት፣ ገና ከነካርቶኑ ነው፣ ለልጄ ሠርግ አስቀምጬው» አሉኝ። ካርቶኑን አስከፍቼ አስነበብኳቸው። 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ፣ 160 ዋት። ምን ልበላቸው?

ሽቦ ጎታች

እሱስ ይድናል። 160 ዋት ብቻ ስለሆነ 300 የሚል ትንሽ መቀነሻ ትራንስፎርመር ይበቃዋል፣ በአንድ እጅ ይያዛል። የእንደዚህ ያለ መፍጫ ሞተር ባለ ካርቦን ስለሆነ 60 መሆኑም አያስቸግረውም። የቶሎ ባይ ስታብላይዘር ዓይነትም ይችለዋል። ትራንስፎርመሩን አንቺ ግዢላቸውና ላኪ። እስኪደርስ ግን ያቺን የሰጠሻቸውን አስማሚ ከካርቶኑ አውጥተው ይጣሏት፣ ሠርግ ቤት ብዙ እጅ አለ።

ሚጢጢ ሱቅ

አሁኑኑ ደውዬ አስጣልኳቸው።